ከወፍራም ውል ወደ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ፦ የእርዳታ ስምምነት ለፕሮጀክት ቡድን እንዴት ይተነተናል?

የእርዳታ ስምምነት ተፈርሞ ሲያበቃ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በዳይሬክተሩ ወይም በፋይናንስ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ነው። ግዴታዎቹን በተግባር የሚፈጽሙት ግን ሌሎች ናቸው፤ የፕሮጀክት አስተባባሪው፣ የግዥ ሠራተኛው፣ የመስክ ባለሙያዎችና የክትትልና ግምገማ ባለሙያው። ለእነሱ የሚያስፈልጋቸው የውሉ ሙሉ ቃል ሳይሆን ከውሉ የወጣ አጭር ሰንጠረዥ ነው፤ ምን መቼ መድረስ እንዳለበት፣ ምን ሳይፈቀድ እንደማይደረግ፣ ማን ለየትኛው ኃላፊ እንደሆነ የሚያሳይ። ይህን ሰንጠረዥ ማውጣት ቀላል ቢመስልም አንድ መሠረታዊ ችግር አለበት። አብዛኞቹ የጊዜ ገደቦች በውሉ ውስጥ እንደ ቀን ተጽፈው አይገኙም። ውሉ የሚናገረው ከየትኛው ድርጊት በኋላ ስንት ቀን ወይም ስንት ወር እንደሚቆጠር ነው፤ ቀኑን አስልቶ የሚያወጣው አንባቢው ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ለማየት የአውሮፓ ኅብረት በተለያዩ አገሮች ለሚሠሩ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚጠቀምበት የእርዳታ ውል ተስማሚ ነው። በኢትዮጵያ ያሉ በርካታ ድርጅቶች የሚያውቁት ሲሆን አደረጃጀቱም ግልጽ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የሆነ ድርጅት ለ24 ወራት የሚቆይ አነስተኛ የመስኖ ፕሮጀክት ለመሥራት ተስማማ እንበል። ለጋሹ ውሉን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2025፣ ድርጅቱ ደግሞ ኖቬምበር 20 ቀን 2025 ፈረሙ። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች በሙሉ በዚህ ምሳሌ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የውሉ ቅጽ በየጊዜው ስለሚሻሻል በእውነተኛ ሥራ ላይ ገዢው ድርጅቱ የፈረመው ቅጂ ብቻ ነው።

የትኛው ክፍል የትኛውን ይሽራል?

ይህ ውል አንድ ወጥ ጽሑፍ አይደለም። ከፊት ጥቂት ገጾች ያሉት “ልዩ የውል ሁኔታዎች” አለ፤ ከኋላው አባሪዎቹ ይከተላሉ። አንደኛው አባሪ የፕሮጀክቱ መግለጫ፣ ሁለተኛው “አጠቃላይ የውል ሁኔታዎች”፣ ሦስተኛው በጀቱ፣ አራተኛው የግዥ ደንቡ፣ ስድስተኛው የሪፖርት ቅጹ ነው። ልዩ ሁኔታዎቹ ከአባሪዎቹ ጋር ሲጋጩ የሚጸናው የልዩ ሁኔታዎቹ ቃል ነው። አጠቃላይ ሁኔታዎቹ ደግሞ ከሌሎቹ አባሪዎች ጋር ሲጋጩ የበላይነት አላቸው።

ይህ ቅደም ተከተል የንባቡንም ሥርዓት ይወስናል። በመጀመሪያ ልዩ ሁኔታዎቹ ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። የሚጀመርበት ቀንና የቆይታው ወራት፣ ለጋሹ የሚሰጠው ገንዘብና ከጠቅላላው ወጪ የሚሸፍነው ድርሻ፣ የክፍያው አከፋፈል የሚገኙት እዚያ ነው። ቀጥሎ በዚያው ክፍል ውስጥ ያለው ሰባተኛ አንቀጽ ለብቻው ተለይቶ ይነበባል፤ ምክንያቱም በአጠቃላይ ሁኔታዎቹ ላይ የተጨመረውና ከእነሱ የተለየው ሁሉ የሚሰፍረው በእሱ ነው። አጠቃላይ ሁኔታዎቹ የሚነበቡት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሥርዓት የማይከተል ሰው ከአጠቃላይ ሁኔታዎች ያወጣውን የሪፖርት ቀን ሰንጠረዡ ላይ አስፍሮ፣ ሰባተኛው አንቀጽ ያንን ቀን እንደለወጠው ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሰንጠረዥ መስመር የተወሰደበትን አንቀጽ ቁጥር መያዝ አለበት። ቁጥር የሌለው መስመር ሊጣራ አይችልም፤ ሊጣራ የማይችል ቀን ደግሞ አይታመንም።

መቁጠሪያው ከየት ይጀምራል?

በዚህ ዓይነት ውል ፕሮጀክቱ የሚጀመርበት ቀን ከተለያዩ አማራጮች አንዱ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ፈራሚ ከፈረመበት ማግስት፣ የመጀመሪያው ቅድመ ክፍያ ከተከፈለበት ወር ቀጥሎ ያለው ወር የመጀመሪያ ቀን፣ ወይም በግልጽ የተጻፈ ሌላ ቀን ይሆናል። የተመረጠው የትኛው እንደሆነ ሳይረጋገጥ ወደ ሌላ ስሌት መሄድ አይገባም፤ ቀሪዎቹ ቀኖች ሁሉ የሚንጠለጠሉት በዚህ ላይ ነውና። በምሳሌያችን የመጀመሪያው አማራጭ ተመርጧል። ድርጅቱ የመጨረሻው ፈራሚ ስለሆነ ፕሮጀክቱ የተጀመረው ኖቬምበር 21 ቀን 2025፣ በእኛ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ለጋሹ የፈረመበትን ቀን ወይም የማስጀመሪያ አውደ ጥናቱ የተካሄደበትን ቀን መነሻ ያደረገ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የተሳሳተ ነው።

ሃያ አራቱ ወራት የሚያበቁት ኖቬምበር 20 ቀን 2027 ነው። እዚህ ላይ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዞ የሚሠራ ቡድን ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። “ኅዳር 12 ቀን 2018 ከተጀመረ ሁለት ዓመቱ ኅዳር 11 ቀን 2020 ያበቃል” ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን 2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን የሚሆንበት ዓመት ስለሆነ የ2020 መስከረም አንድ የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ስለዚህ ኖቬምበር 20 ቀን 2027 ኅዳር 10 ቀን 2020 ነው። ኅዳር 11 ቀን የተሰጠ ሥልጠና ፕሮጀክቱ ካበቃ ማግስት የተሰጠ ሥልጠና ስለሚሆን ወጪው ተቀባይነት ያጣል።

መከተል የሚገባው ደንብ ቀላል ነው። ውሉ “ወር” ወይም “ዓመት” ሲል የሚቆጠረው በውሉ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚዞረው የመጨረሻው ውጤት ነው። ውሉ “ቀን” ሲል ግን በሁለቱም አቆጣጠር ያው ስለሆነ የእኛ ወር ጥሩ ማመሳከሪያ ይሆናል። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስላላቸው፣ ጳጉሜን መሃል እስካልገባች ድረስ፣ ስድሳ ቀን ማለት ልክ ሁለት ወር ነው። ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን መጻፍ አለባቸው፤ ዓመቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መገለጽ አለበት።

የሪፖርት ግዴታዎች

በዚህ ውል የሪፖርት ዘመን የሚባለው በልዩ ሁኔታዎቹ ሌላ ካልተባለ አሥራ ሁለት ወር ነው። የመጀመሪያው ዘመን ኖቬምበር 20 ቀን 2026፣ ኅዳር 11 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። ጊዜያዊው ሪፖርት ዘመኑ ካበቃ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይህም ጃንዋሪ 19 ቀን 2027 ላይ ያርፋል። በእኛ ሲታይ ጥር 11 ቀን 2019 ነው፤ ጥምቀት። ከእሱ በፊት ከተራ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ ታኅሣሥ 29 ገና አለ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ የቆጠበ ቡድን ፈራሚም ሆነ ሒሳብ አጣሪ የማያገኝበት ወቅት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሰንጠረዡ የለጋሹን ቀን ብቻ ሳይሆን የድርጅቱን የውስጥ ቀኖችም ይይዛል። ለምሳሌ የሒሳብ ክፍሉ የዘመኑን ወጪ እስከ ታኅሣሥ 5 ዘግቶ ያስረክባል፤ የሥራ ክንውን ረቂቁ እስከ ታኅሣሥ 15 ይደርሳል፤ ዳይሬክተሩ ከገና በፊት አይተው ያጸድቃሉ፤ ሪፖርቱ ጥር 6 ቀን ይላካል።

የመጨረሻው ሪፖርት ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አጠቃላይ ሁኔታዎቹ ፕሮጀክቱ ካበቃ በኋላ ሦስት ወር ይሰጣሉ፤ የዋናው ተቀባይ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፕሮጀክቱ ከሚካሄድበት አገር ውጭ ከሆነ ግን ስድስት ወር ይሆናል። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቀኖች አሉ ማለት ነው። ከዓለም አቀፍ ድርጅት ሰንጠረዥ ገልብጦ “ስድስት ወር” ብሎ የጻፈ አገር በቀል ድርጅት ሦስት ወር ይዘገያል። በምሳሌያችን ድርጅቱ አገር በቀል ስለሆነ ሪፖርቱ የሚጠበቀው እስከ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2028፣ የካቲት 12 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። ቀኑ እሑድ ስለሚውል የውስጡ ቀን ቢዘገይ ቢዘገይ ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ መሆን ይኖርበታል።

ቀኑ ብቻ ሲጻፍ ግዴታው ግማሹ ይቀራል። ሪፖርቱ የሥራ ክንውንና የፋይናንስ ክፍል ያለው መሆኑ፣ በስድስተኛው አባሪ ቅጽ መዘጋጀቱ፣ ለጋሹ ለሸፈነው ድርሻ ብቻ ሳይሆን ለጠቅላላው ፕሮጀክት መቅረቡ፣ ከእሱ ጋር የክፍያ ጥያቄ መያያዙ አብሮ ይመዘገባል። ከሌላ ምንጭ የተገኘውን ገንዘብ ያላካተተ ሪፖርት በሰዓቱ ቢደርስም ያልተሟላ ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ገንዘቡን የሚያስሩ ሁኔታዎች

ሁኔታዎች ከቀኖች ይልቅ ለመዘንጋት ቀላል ናቸው፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ አይታዩምና። ከሁሉ በፊት መውጣት ያለባቸው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ቀጣዩን ቅድመ ክፍያ ይመለከታል። ከመጀመሪያው ቅድመ ክፍያ ቢያንስ 70 በመቶው በሥራ ላይ ካልዋለ ቀጣዩ ክፍያ በጎደለው ልክ ይቀነሳል። ድርጅቱ 200,000 ዩሮ ተቀብሎ በዘመኑ መጨረሻ በለጋሹ ድርሻ ያወጣው 120,000 ዩሮ ቢሆን፣ 70 በመቶው 140,000 ስለሆነ ቀጣዩ ክፍያ በ20,000 ዩሮ ያንሳል። ይህ መስመር ለፋይናንስ ኃላፊው ብቻ የሚተው አይደለም። ወጪው የሚዘገየው በመስክ ሥራው መዘግየት ስለሆነ አስተባባሪው በስድስተኛውና በዘጠነኛው ወር ላይ ቁጥሩን እንዲያይ ሰንጠረዡ ያስታውሰዋል። የዚህ ተቃራኒም አለ። ከ70 በመቶ በላይ ቀድሞ የወጣ ከሆነ ድርጅቱ ዘመኑ ሳያልቅ ቀጣዩን ክፍያ መጠየቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን አዲሱ የሪፖርት ዘመን ጥያቄው ከሸፈነው ጊዜ መጨረሻ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል። አንድ ውሳኔ ቀሪዎቹን የሪፖርት ቀኖች ስለሚያንቀሳቅስ ሰንጠረዡ በዚያው ዕለት መታረም አለበት።

ሁለተኛው የበጀት ዝውውር ነው። በዋና ዋና የበጀት ርዕሶች መካከል ገንዘብ ማዛወር የሚቻለው ለውጡ የእያንዳንዱን የተነካ ርዕስ 25 በመቶ እስካላለፈ ድረስ ነው፤ ለጋሹም በጽሑፍ ይነገረዋል። ስሕተት የሚፈጠረው “እያንዳንዱ” የሚለው ቃል ሲዘለል ነው። 15,000 ዩሮ ወደ መሣሪያዎች ርዕስ ይዛወር እንበል። የመሣሪያዎች በጀት 80,000 ስለሆነ ገደቡ 20,000 ነው፤ ችግር የለም። ገንዘቡ የሚነሳበት የጉዞ ርዕስ ግን 40,000 ብቻ ከሆነ ገደቡ 10,000 ስለሆነ ዝውውሩ በማሳወቅ ብቻ አይፈጸምም። ተጨማሪ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም ለውጡ እንዲጸና ከሚፈለግበት ቀን 30 ቀን ቀድሞ መቅረብ አለበት። ገደቡ የሚለካው በመጀመሪያው በጀት ወይም በተጨማሪ ስምምነት በተሻሻለው ላይ ስለሆነ ትናንሽ ዝውውሮች ይደመራሉ። ስለዚህ ሰንጠረዡ ለእያንዳንዱ ርዕስ ገደቡን በዩሮ አስልቶ ያስቀምጣል፤ መቶኛውን ብቻ መጻፍ የመስክ ሠራተኛውን ስሌት ውስጥ ይከተዋል።

ሦስተኛው የወጪ ተቀባይነት ነው። አገልግሎቱ በፕሮጀክቱ ዕድሜ ውስጥ የተሰጠ፣ ዕቃውም በዚያው ጊዜ ውስጥ የደረሰና የተተከለ መሆን አለበት። ውል መፈረም ወይም ትእዛዝ መስጠት ብቻውን በቂ አይደለም። የመስኖ ፓምፕ በጥቅምት ታዝዞ በታኅሣሥ ቢደርስ ዋጋው በድርጅቱ ላይ ይወድቃል። ይህ ሁኔታ ለግዥ ሠራተኛው ወደ ቀን መለወጥ አለበት። ዕቃው ከውጭ ለመግባት ስድስት ወር የሚፈጅ ከሆነና መትከያው አንድ ወር ከወሰደ፣ ትእዛዙ ቢዘገይ ቢዘገይ ኤፕሪል 2027 ከመጋመሱ በፊት መሰጠት አለበት። እንዲህ ያለ ቀን በውሉ ውስጥ የትም ተጽፎ አይገኝም። የሚገኘው ውሉን ከሥራው እውነታ ጋር በማገናኘት ነው።

ገና ያልተወለዱ ቀኖች

አንዳንድ የጊዜ ገደቦች ውሉ ሲፈረም ሊሰሉ አይችሉም። ለጋሹ በሪፖርቱ ላይ ማብራሪያ ከጠየቀ ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ጥያቄው መቼ እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። ሰነዶች ቀሪው ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ ለአምስት ዓመት ይጠበቃሉ፤ የሚቆጠረው ሪፖርቱ ከተላከበት ቀን ሳይሆን ክፍያው ከተፈጸመበት ቀን ነው። እነዚህን ቀን ስለሌላቸው መዝለል ትልቅ ስሕተት ነው። ሰንጠረዡ ላይ የሚጻፉት በሁለት ክፍል ነው፤ መቁጠሪያውን የሚያስነሳው ድርጊት ምን እንደሆነና ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንዳለ። የቀኑ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ድርጊቱ ሲፈጸም ይሞላል። የለጋሹን ደብዳቤ ወይም ኢሜይል የሚቀበለው ሰው የደረሰበትን ዕለት መዝግቦ ባዶውን ቦታ እንዲሞላ ኃላፊነቱ ለእሱ ይሰጣል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የማራዘሚያ ጥያቄ ነው። የፕሮጀክቱ ዕድሜ እንዲራዘም የሚፈልግ ድርጅት ከማብቂያው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መጠየቅ አለበት። በምሳሌያችን ይህ ኦክቶበር 20 ቀን 2027፣ ጥቅምት 9 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። ማራዘሚያ ማስፈለጉ የሚታወቀው ግን ከዚያ አስቀድሞ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ለመገምገም ሐምሌ 2019 ላይ አንድ የውስጥ ስብሰባ ቢያዝ ለበጀት ማስተካከያውም በቂ ጊዜ ይገኛል።

የሰንጠረዡ ቅርጽና ማጣሪያው

ሰንጠረዡ በኤክሴል ቢሠራም በወረቀት ቢጻፍ ሰባት ዓምዶች ይበቁታል፤ ግዴታው፣ የአንቀጹ ቁጥር፣ መቁጠሪያውን የሚያስነሳው ድርጊት፣ የለጋሹ ቀን በሁለቱ አቆጣጠር፣ የውስጡ ቀን፣ ኃላፊው፣ መፈጸሙን የሚያሳየው ማስረጃ። ለመጀመሪያው ሪፖርት መስመሩ እንዲህ ይነበባል፦ “ጊዜያዊ ሪፖርትና የክፍያ ጥያቄ፤ አጠቃላይ ሁኔታዎች አንቀጽ 2 እና 15፤ የሪፖርት ዘመኑ ማብቂያ፤ ጃንዋሪ 19/2027፣ ጥር 11/2019፤ ጥር 6/2019፤ የፕሮጀክት አስተባባሪ፤ የተላከበት ኢሜይልና የመቀበያ ማረጋገጫ”። በኃላፊው ዓምድ የሚገባው አንድ ሰው ነው። “የፕሮጀክት ቡድኑ” ተብሎ የተጻፈ ግዴታ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

የለጋሹ ውል ብቻውን ሙሉ ሥዕል አይሰጥም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለባለሥልጣኑ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይገድባል። የአውሮፓ ኅብረት ውል በበኩሉ ለተዘዋዋሪ ወጪዎች የሚፈቅደው እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ድርሻ ነው። ሁለቱ መጠኖች የሚለኩት በተለያየ ነገር ላይ ስለሆነ አንዱን ማክበር ሌላውን እንደ ማክበር አይቆጠርም። የመንግሥት ግዴታዎቹም በዚያው ሰንጠረዥ በራሳቸው መስመር ይገባሉ።

ሰንጠረዡ ለቡድኑ ከመሰጠቱ በፊት ያላዘጋጀው ሌላ ሰው ሊያጣራው ይገባል። አጣሪው ሰንጠረዡን ሳያይ ከውሉ ተነሥቶ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን፣ የሁለቱን ሪፖርቶች ቀንና የማራዘሚያውን ቀን ራሱ ያሰላል፤ ከዚያ ያመሳክራል። ልዩነት ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የተሳሳተ መነሻ ቀን፣ በተሳሳተ አቆጣጠር የተቆጠረ ወር፣ ወይም ሳይነበብ የቀረ ሰባተኛ አንቀጽ። አንቀጹ ለሁለት ትርጉም የሚጋለጥ ከሆነ በግምት አይወሰንም። ጥያቄው ለለጋሹ በጽሑፍ ይቀርባል፤ መልሱም ከሰንጠረዡ ጋር ይያያዛል።

ተጨማሪ ስምምነት በተፈረመ ቁጥር ሰንጠረዡ እንደገና ከውሉ ጋር ይነጻጸራል፤ የቀደመው ቅጂ ከሥራ ወጥቶ አዲሱ የወጣበት ቀን ከላይ ይጻፍበታል። በመስክ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ቅጂ አሮጌ ከሆነ ጉዳቱ ሰንጠረዥ ከሌለበት ይብሳል፤ ቡድኑ የተሳሳተውን ቀን አምኖ ይሠራልና። ሰንጠረዡ ለሥራ ይረዳል እንጂ ውሉን አይተካም። ሁለቱ ሲለያዩ ሁልጊዜ የሚጸናው ውሉ ነው።